«ገብቷል» የሚባለው መቼ ነው? — የክፍያን መድረስ በሻጩ ሒሳብ ስለ ማረጋገጥ

ቴሌብር ሥራውን ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና የሌሎችም ባንኮች የሞባይል አገልግሎት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ በእጅ ስልክ መክፈል ከከተማ አልፎ ወደ ወረዳና ወደ ገጠር አጥቢያዎች ዘልቋል። ጧፍና ሻማ የሚሸጥበት የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ፣ የእህል ግምጃ ቤት፣ የችግኝ ጣቢያና የማር ማነባበሪያ ያለው አጥቢያ ሁሉ ዛሬ «በስልክ ልክፈል» የሚል ገዥ ይገጥመዋል። ገዥው ከከፈለ በኋላ ስልኩን ወደ ሻጩ ያዞራል፤ በገጹም ላይ የአረንጓዴ ምልክትና «ተሳክቷል» የሚል ቃል ይታያል። ሻጩም ያንን አይቶ ዕቃውን ያስረክባል።

በዚህ እትም የምናጠናው ይህችን አንዲት ቅጽበት ነው። ሻጩ ያየው ምንድን ነው? ያላየውስ? ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ምን ማድረግ ይገባው ነበር? ትምህርቱን የምናቀርበው በጋዝጊብላ ወረዳ ያሉትን የደጋ አጥቢያዎች በዐሳባችን ይዘን ነው። በዚያ ግምጃ ቤቱ ከተራራው ላይ፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ከአስከተማ ሊሆን ይችላል፤ ኔትወርኩም በአንዱ ጉብታ ላይ ይገኛል፣ ወረድ ሲሉ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሠራ ሥርዓት በሰቆጣም ሆነ በሌላ ከተማ ይሠራል።

የገዥው ስልክ ምን ይመሰክራል?

በገዥው ስልክ ላይ የሚታየው ገጽ የገዥው ስልክ የሣለው ሥዕል ነው። እውነተኛው መተግበሪያ ሲሥለው እንኳ የሚናገረው ከገዥው በኩል ስለ ሆነው ነገር ነው። ወደ እናንተ ሒሳብ ስለ ገባው ገንዘብ የሚመሰክረው የእናንተ ሒሳብ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የቀረውን ትምህርት በቀላሉ ይከተላል።

ከዚያ ገጽ በስተ ጀርባ አምስት ዓይነት ነገር ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ትክክለኛ ክፍያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው ሐሰተኛ ገጽ ነው፤ የቀድሞ ደረሰኝ ሥዕል ተወስዶ የገንዘቡ መጠንና ቀኑ ይለወጣል፣ ወይም የባንክን መተግበሪያ በሚመስል ሌላ መተግበሪያ ይሠራል። ሦስተኛው እውነተኛ ሆኖ ያገለገለ ደረሰኝ ነው፤ ጠዋት ለጧፍ የተከፈለበት ደረሰኝ ከሰዓት በኋላ በግምጃ ቤቱ በር ላይ ዳግመኛ ይታያል። አራተኛው እውነተኛ ክፍያ ሆኖ ወደ ሌላ ሰው የሄደ ነው፤ ገዥው አንዲት አኃዝ ተሳስቶ ወይም ሆን ብሎ የሌላ ሰው ሒሳብ አስገብቷል፤ ገጹ «ተሳክቷል» ሲል አልዋሸም፣ ነገር ግን የተሳካው ለእናንተ አይደለም። አምስተኛው ከገዥው ሒሳብ ወጥቶ ገና ወደ እናንተ ያልደረሰ ገንዘብ ነው፤ ይህ በተለይ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ይከሠታል።

ልብ በሉ፦ ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል ማታለል ያለባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ገንዘቡ የዘገየበት ገዥና አኃዝ የተሳሳተ ገዥ ሐቀኞች ናቸው። በገጹ ላይ ግን አምስቱም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ የገዥውን ፊት ወይም የገጹን ቀለም በመመርመር አንዱን ከሌላው ለመለየት መድከም ዋጋ የለውም። የሐሰት ገጽ ሠሪዎች ቀለሙንና ምልክቱን አሳምረው ያውቃሉ። ሁሉንም ገዥ በአንድ ሥርዓት ማስተናገድ ግን ሐቀኛውን ከመጠርጠር፣ አታላዩንም ከማመን ያድናል።

በራሳችሁ ስልክ ላይ የሚመጣው መልእክት

ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ወይም ቴሌብር ለተቀባዩ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ይህ መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ የክፍያ መተግበሪያዎች ሲቸገሩ፣ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት በሚሠራባቸው ቦታዎች ማረጋገጥ ይቻል የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ መልእክት ደረሰ ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ መልእክትም ሊመሰል ይችላልና። ሲደርስ አራት ነገሮች ይታዩ።

አንደኛ፣ ከማን መጣ? የንግድ ባንክ መልእክት CBE በሚል ስም፣ የቴሌብር መልእክት ደግሞ 127 በሚል ቁጥር ይመጣል፤ ስልኩም ቀድሞ ከመጡት የባንኩ መልእክቶች ሥር በተራ ይደረድረዋል። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ «የባንክ መልእክት» የባንክ አይደለም። አዲስ ገጽ ከፍቶ ብቻውን የተቀመጠ መልእክትም ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፣ ምን ይላል? ብዙዎቹ መልእክቶች በእንግሊዝኛ ስለሚመጡ፣ ስልኩን የሚይዘው ሰው ጥቂት ቃላትን መለየት አለበት። በባንኩ መልእክት Credited ማለት ገቢ ሆነ፣ Debited ማለት ወጪ ሆነ ማለት ነው። በቴሌብር You have received ማለት ተቀበልህ፣ You have transferred ማለት ላክህ ማለት ነው። አንዳንድ ገዥ ለራሱ የመጣለትን የ«ላክህ» መልእክት ወደ ሻጩ ስልክ ያስተላልፍና «ይኸው ደርሶሃል» ይላል። ያ መልእክት የገዥው እንጂ የሻጩ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መጠኑ ስንት ነው? ከ18,400 ይልቅ 1,840 ቢገባም መልእክቱ እውነተኛ ነው። ነጠላ ሰረዝና ነጥብ በደንብ ይለዩ።

አራተኛ፣ ሒሳቡ ይገጥማል? ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መፈተኛ ነው፤ ኔትወርክም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የገቢ መልእክት መጨረሻ ላይ ቀሪ ሒሳባችሁ ይጻፋል። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀሪ በመዝገብ ከያዛችሁ፣ የቀድሞው ቀሪና የገባው ገንዘብ ተደምረው አዲሱን ቀሪ ሊሰጡ ይገባል። ሐሰተኛ መልእክት የሚጽፍ ሰው የላኪውን ስም ሊመስል፣ መጠኑንም ሊያሳምር ይችላል፤ በእናንተ ሒሳብ ትናንት ስንት እንደ ነበረ ግን አያውቅም። እንግዲህ የቀሪ ሒሳባችሁን መጠን ለገዥ ማሳየትም ሆነ በአደባባይ ማንበብ የማይገባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ድምሩ ባይገጥም ወዲያው ሐሰት ነው አይባልም፤ በመካከል ሌላ ገቢ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ተመዝግቦ ይሆናል። ድምሩ እስኪብራራ ድረስ ግን ዕቃ አይወጣም።

መልእክቱ ካልመጣ ወይም ካጠራጠረ

የመጨረሻው ዳኛ ሒሳቡ ራሱ ነው፤ እሱንም ሻጩ በራሱ እጅ ይጠይቀዋል። ለሞባይል ባንኪንግ የተመዘገበ የንግድ ባንክ ደንበኛ *889#፣ የቴሌብር ደንበኛ *127# ደውሎ የምሥጢር ቁጥሩን በማስገባት ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይችላል። ይህም ያለ ኢንተርኔት፣ ተራ በሆነ ስልክ ይሠራል፤ የስልክ ሞገድ ብቻ ይፈልጋል። የገጠር አጥቢያ ውድ ስልክ ባይኖረውም ማረጋገጥ አያቅተውም ማለት ነው።

ኢንተርኔት ባለበት ደግሞ ደረሰኙን ከምንጩ ማየት ይቻላል። የንግድ ባንክ ደረሰኝ apps.cbe.com.et፣ የቴሌብር ደረሰኝ transactioninfo.ethiotelecom.et በሚሉ አድራሻዎች ይከፈታል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ገዥው የላከውን ማስፈንጠሪያ ተጭኖ መክፈት አይገባም፤ የሚመስል አድራሻ ያለው የሐሰት ገጽ ሊከፈት ይችላልና፣ ወደ ራሳችሁ ስልክ ከባንኩ በመጣው መልእክት ላይ ያለውን መጠቀም ይሻላል። ደግሞም የተከፈተው ደረሰኝ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ክፍያው መፈጸሙን እንጂ ከዚህ በፊት ለሌላ ዕቃ አለመቆጠሩን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው የእናንተ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለ ንግድ ባንክ የማጣቀሻ ቁጥር አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። ቁጥሩ FT ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመቱን፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደ ሆነ ያመለክታሉ። የቀሩት አምስት ፊደላትና አኃዞች የግብይቱ መለያ ናቸው። FT25077 ብሎ የሚጀምር ቁጥር በ2025 ሰባ ሰባተኛው ቀን የተፈጸመ ነው፤ ይኸውም ማርች 18፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የደረሰኙ ቀን ከቁጥሩ ጋር በብዙ ከተራራቀ አንዱ ተለውጧል ማለት ነው። በበዓልና በእሑድ ባንኩ የሚይዘው የሥራ ቀን ሊለይ ስለሚችል የአንድና የሁለት ቀን ልዩነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩ መግጠሙም ክፍያው መድረሱን አያረጋግጥም፤ ይህ ሐሰትን ለመያዝ ይረዳል እንጂ እውነትን ለመመስከር አይበቃም።

አንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው

አሁን የተናገርነውን በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌው ለትምህርት የተዘጋጀ ነው።

በጋዝጊብላ ደጋ ላይ ያለ አንድ አጥቢያ በግምጃ ቤቱ አራት ኩንታል ገብስ አለው። ሰበካ ጉባኤው በኩንታል 4,600፣ በድምሩ 18,400 ብር እንዲሸጥ ወስኗል። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ካህን እጅ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ መልእክት የሚገባበት ስልክ ግን ከገንዘብ ያዡ ጋር አስከተማ ነው። ገንዘብ ያዡ ጠዋት በመዝገቡ ላይ የጻፈው ቀሪ ሒሳብ 41,250 ብር ከ75 ሳንቲም ነው።

መጋቢት 9 ቀን አንድ ነጋዴ አህዮቹን ይዞ መጣ፤ ስልኩንም ነካክቶ ወደ ካህኑ አዞረ።

«መምሬ፣ ይኸው ገብቷል። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልጫን።»

«ልጄ፣ ያንተ ስልክ የሚነግረኝ ካንተ የወጣውን ነው፤ ወደ እኛ የገባውን ገንዘብ ያዡ ይንገረኝ። እስከዚያው አረፍ በል።»

ካህኑ በገጹ ላይ ያለውን የማጣቀሻ ቁጥር በወረቀት ጻፈ። ከዚያም በራሱ ስልክ፣ ቀድሞ በመዘገበው ቁጥር ለገንዘብ ያዡ ደወለ። ሲደውል «18,400 ገብቷል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። «ዛሬ ስንት ገባ? ከማን ስም? የማጣቀሻው የመጨረሻ አምስት ምልክቶች ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ጥበቃ ነው። የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ቸኩሎ «አዎን» ሊል ይችላል፤ ያልተነገረው ሰው ግን ከራሱ ስልክ ማንበብ ይገደዳል።

ገንዘብ ያዡ ምንም መልእክት እንዳልመጣለት ነገረው። ነጋዴው «ኔትወርክ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለ። ጥቂት ቆይቶ ገንዘብ ያዡ መልሶ ደወለ፤ 18,400 ብር ገቢ ሆኗል የሚል መልእክት ደርሶታል። ነገር ግን መልእክቱ የመጣው ከተራ የእጅ ስልክ ቁጥር ነው፤ የተጻፈውም ቀሪ ሒሳብ 32,118 ብር ከ40 ነው። 41,250.75 ላይ 18,400 ቢደመር 59,650.75 ይሆናል፤ ገንዘብ ገብቶ ቀሪው ሊያንስ አይችልም። ገንዘብ ያዡ በስልኩ ቀሪ ሒሳቡን ጠየቀ፤ 41,250.75 እንደ ነበረ አለ። ካህኑም የጻፈውን ማጣቀሻ አነበበለት፤ FT25055 ብሎ ይጀምራል። ሃምሳ አምስተኛው ቀን ፌብሩዋሪ 24፣ ማለት የካቲት 17 ነው። ደረሰኙ ላይ የመጋቢት 9 ቀን ተጽፏል፤ ቀኑን የለወጠው ሰው ቁጥሩን መለወጥ ረስቷል።

ካህኑ ሰውየውን ሌባ ብሎ አልተሳደበም፤ «ልጄ፣ ወደ እኛ ሒሳብ የገባ ነገር የለም። በጥሬ ገንዘብ ብትከፍል ወይም ገንዘቡ ሲገባ ብትመጣ እናስጭንሃለን» አለው። ነጋዴው እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፤ ገብሱም በጎተራው ቀረ። ገንዘብ ያዡ መልእክቱን ሳያጠፋ አስቀመጠው፤ የመጣበትን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱንም በጽሑፍ አድርጎ ለሰበካ ጉባኤው አቀረበ። ለፖሊስና ለባንኩ ሊቀርብ የሚችለው ማስረጃ ይህ ነውና።

በማግሥቱ ሌላ ነጋዴ መጣ። እርሱ ከሌላ ባንክ ላከ፤ የእርሱም ስልክ «ተሳክቷል» አለ፤ ገንዘብ ያዡ ጋ ግን አሁንም መልእክት አልደረሰም፤ ቀሪ ሒሳቡም አልተለወጠም። ይህ ሁለተኛው ሰው ሐቀኛ ነበር። ካህኑ በትናንቱ ነገር አልተነሣሣበትም፤ ያው ቃል፣ ያው ሥርዓት ሆነ። ማጣቀሻውን ጻፈ፤ አራቱን ኩንታል ለይቶ አስቀመጠለትና «ለዚህ ሰው የተያዘ፤ ክፍያ አልደረሰም» የሚል ማስታወሻ ሰጠው። የገቢ ደረሰኝ ግን አልቆረጠም። ከሰዓት በኋላ CBE ከሚለው ስም መልእክት መጣ፤ ቀሪው 59,650.75 ሆነ። ገንዘብ ያዡ ቀሪውን በስልኩ ጠይቆ አመሳከረ፤ ደወለ፤ ደረሰኝ ተቆረጠ፤ ገብሱም ተጫነ።

ሁለቱ ሰዎች በገጻቸው ላይ ያሳዩት አንድ ዓይነት ነበር። የለያቸው የአጥቢያው ሒሳብ ነው።

ሥርዓቱ የሚፈርስባቸው ቦታዎች

በዚህ ምሳሌ ሥርዓቱን ሊያፈርሱ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ እነዚህን ለብቻቸው ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። በአንዳንድ አጥቢያ ክፍያው በአንድ የኮሚቴ አባል የግል ቴሌብር ወይም የግል ሒሳብ ይገባል። ያ ሰው ለቅሶ ሲሄድ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ማረጋገጥ ይቆማል፤ የቤተ ክርስቲያንና የግል ገንዘብ ሲደባለቅም የቀሪ ሒሳብ ድምሩ መፈተኛነቱን ያጣል። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይሁን። የገቢ መልእክት ለየትኛው የስልክ ቁጥር እንደሚላክ፣ ቀሪ ሒሳብንም በምን መንገድ ማየት እንደሚቻል ሰበካ ጉባኤው በደብዳቤ ከቅርንጫፉ ይጠይቅ። የመሸጫ ክፍል ላለው አጥቢያ ቴሌብር ለነጋዴ የሚሰጠውን የመቀበያ ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ ገዥው በዚያ ቁጥር ሲከፍል ማረጋገጫው ለመሸጫው ስልክ ይመጣል።

ሁለተኛው ገዥው የሚያቀብለው ስልክ ነው። «ገንዘብ ያዣችሁ መስመር ላይ ነው፣ አነጋግረው» ወይም «የባንኩ ሠራተኛ ነው፣ ይንገርህ» የሚል ካለ፣ በዚያ ስልክ የተነገረ ነገር ሁሉ እንዳልተነገረ ይቆጠር። ደዋዩ ሁልጊዜ ሻጩ ነው፤ የሚደውለውም ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር ነው። የምሥጢር ቁጥርን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ማንነቱ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ባንክም ቴሌብርም በስልክ ደውሎ ይህን አይጠይቅም።

ሦስተኛው «አብልጬ ላክሁ» የሚል ነው። ገዥው የ3,000 ብር ዕቃ ገዝቶ 30,000 ብር የተላከ የሚመስል ገጽ ያሳያል፤ ተሳስቻለሁና 27,000ውን በጥሬ መልሱልኝ ይላል። እዚህ አጥቢያው የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን በሣጥን ያለውንም ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በእውነት በብልጫ ገብቶ ከተገኘ እንኳ መመለሱ በጥሬ ገንዘብ አይሁን፤ በሰበካ ጉባኤው ውሳኔ፣ በባንክ በኩል፣ ወደ መጣበት ሒሳብ ይመለስ።

አራተኛው የበዓል ቀን ነው። በንግሥ ዕለት በጧፍ መሸጫው በር ላይ ሕዝቡ ሲጋፋ ለእያንዳንዱ ሰው ቀሪ ሒሳብ መጠየቅ አይቻልም። ስልኩም በብዙ መልእክት ሲሞላ የትኛው የማን እንደ ሆነ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ሰው ማቆም ነው፤ አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ የገባውን መጠንና ስም ይጠራል፣ በመዝገብም ላይ ይጽፋል። ያልተጠራ ስም ዕቃ አይወስድም። ኔትወርኩ በሕዝብ ብዛት ከተጨናነቀ በስልክ መቀበሉን ለጊዜው አቁሞ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሸጥ ይሻላል፤ ይህንንም ከበዓሉ በፊት ማስታወቅ የምእመናንን ቅያሜ ያስቀራል።

አምስተኛው ምንም ሞገድ የሌለበት ስፍራ ነው። ከሸለቆ ውስጥ ላለ ግምጃ ቤት የሚበጀው ስምምነቱን ከመጫን ማስቀደም ነው። ገዥው ከቀኑ አስቀድሞ ይክፈል፤ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡ መድረሱን አረጋግጦ የማስረከቢያ ወረቀት ይጻፍ፤ ግምጃ ቤት ጠባቂውም ያንን ፊርማ አይቶ ያስረክብ። እንዲህ ሲሆን በግምጃ ቤቱ በር ላይ የሚታይ የስልክ ገጽ ምንም ሥልጣን አይኖረውም።

መዝገቡ

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ደብተር ላይ ነው። በየመሸጫው ሌላ ሌላ ደብተር ሳይሆን፣ ወደ አንድ ሒሳብ የሚገባው ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ። በየመስመሩ ቀኑና ሰዓቱ፣ የገባው መጠን፣ የላኪው ስም፣ የማጣቀሻው ቁጥር በሙሉ፣ ከገባ በኋላ ያለው ቀሪ ሒሳብ፣ የተሸጠው ዕቃ፣ የተቆረጠው የገቢ ደረሰኝ ቁጥርና ያረጋገጠው ሰው ፊርማ ይኑር። አዲስ ማጣቀሻ ከመጻፉ በፊት ያው ቁጥር በደብተሩ ውስጥ ቀድሞ አለመጻፉ ይታይ፤ አንድ የማጣቀሻ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ዕቃ ያወጣል። ቀደም ብለን ያነሣነው ያገለገለ ደረሰኝ የሚያዘው በዚህ ብቻ ነው።

በየወሩ መጨረሻም የሒሳብ ሹሙ ከባንኩ የሒሳብ መግለጫ ያውጣና ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክር። በደብተሩ ኖሮ በመግለጫው የሌለ መስመር ዕቃ ያለ ክፍያ መውጣቱን ያሳያል። በመግለጫው ኖሮ በደብተሩ የሌለ ደግሞ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ነው፤ ምናልባትም ከፍሎ ዕቃውን ሳይወስድ የሄደ ምእመን አለ። ሁለቱም በሰበካ ጉባኤው ፊት ይቅረቡ።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አንድ ሥራ እንተዋለን። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንሡና መልሳቸውን በቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ የሒሳባችን መልእክት የሚገባው በማን ስልክ ነው? እርሱ በሌለ ጊዜ ማን ይተካዋል? ዕቃ የሚያስረክበው ሰው ለማን ደውሎ ምን ብሎ ይጠይቃል? ኔትወርክ በጠፋ ቀንስ እንዴት እንሸጣለን? መልሱ ከተጻፈ በኋላ በግምጃ ቤቱና በመሸጫው ግድግዳ ላይ፣ ገዥም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይለጠፍ፤ ከላዩም «ዕቃ የሚወጣው ገንዘቡ በእኛ ሒሳብ መግባቱ ከታየ በኋላ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ካለ ካህኑ ለማንም «አላመንሁህም» ማለት አይጠበቅበትም፤ ጣቱን ወደ ጽሑፉ መጠቆም ይበቃዋል።